የቀሚስ ጫፍ መስመር አይደለም፦ አጭር የሐበሻ ቀሚስን ፎቶ ላይ ስለማስረዘም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሠርግ አነሳለሁ፣ ኤዲቱንም ራሴ ነኝ የምሠራው። አንዲት ሙሽራ ለመልስ ያሰፋችው የሐበሻ ቀሚስ አጥሮባት ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀርቷል። ‹ፎቶው ላይ እስከ ጫማዬ አስረዝምልኝ› አለችኝ። በፎቶሾፕ Liquify ወደ ታች ስስበው ጥለቱ ቀለጠ። ጥለቱን ቆርጬ ሳወርደው ደግሞ ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ ካርቶን መሰለ፣ ጫማዎቹም የተለጠፉ ይመስላሉ። ችግሩ ጥላው ነው? የትኛው ብሩሽ ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ብሩሹን እርሳው። ጥላውም ቢሆን የመጨረሻው ሥራ ነው። የጫፉ ቅርጽ ከተሳሳተ የፈለግከውን ያህል ጥላ ብትቀባ ካርቶኑ ጥላ ያለው ካርቶን ነው የሚሆነው።

አንድ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና ቆመህ ተመልከተው። የታችኛው ጠርዙ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። መሃሉ ወደ አንተ ወረድ ብሏል፣ ግራና ቀኙ ከፍ ብሏል። አሁን ቀስ እያልክ ጎንበስ በል። ዓይንህ ወደ ጠረጴዛው በቀረበ ቁጥር ቅስቱ እየተዘረጋ ይሄዳል። ዓይንህ ከጠረጴዛው ጋር ሲስተካከል ጠርዙ ቀጥ ይላል። የቀሚስ ጫፍም እንደዚሁ ክብ ነው። እግሯን ዙሪያውን ከቦ ነው የተዘመዘመው። ካሜራህ ደረትህ ላይ ሆኖ ቀሚሱን ከላይ ወደ ታች ስለሚያየው የፊተኛው ጫፍ ፎቶው ላይ እንደ ፈገግታ ወደ ታች ይቀስታል።

የአንተ ስህተት የመጣው ከዚህ ነው። ጥለቱን ቆርጠህ ስታወርደው የድሮውን ቅስት ይዞ ወረደ። ያ ቅስት ግን ከመሬት 18 ሳንቲም ሜትር ከፍታ ላይ ለነበረ ጫፍ ነው። ወደ መሬት ሲጠጋ ከካሜራህ ከፍታ የበለጠ ስለሚወርድ ይበልጥ ከላይ ይታያል፣ ቅስቱም የበለጠ መጉበጥ አለበት። ዓይን ይህንን በስሌት አያውቀውም፣ ግን ወዲያው ይነቃበታል። ተመልካቹ «ቅስቱ ልክ አይደለም» አይልህም። «የሆነ ነገር ፎርጅድ ይመስላል» ነው የሚልህ።

ስንት ይጉበጥ? የአንተን ፎቶ ስላላየሁት በእኔ ግምት ልሥራው። ካሜራው 1.4 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር፣ ሙሽራዋ 3 ሜትር ርቃ ቆማለች እንበል። ፎቶው ላይ ከራሷ እስከ እግሯ 2000 ፒክስል ያህል ከሆነች 1 ሳንቲም ሜትር ማለት 12 ፒክስል ገደማ ነው። ጫፉ አሁን ከመሬት 18 ሳንቲም ሜትር ላይ ነው፤ 4 ሳንቲም ሜትር ላይ እንዲያርፍ እንፈልጋለን። ስለዚህ 14 ሳንቲም ሜትር ወይም 170 ፒክስል ገደማ ይወርዳል። በዚህ ርቀት ካሜራው ወደ ጫፉ የሚያይበት አንግል ከ22 ዲግሪ ወደ 24 ዲግሪ ይጨምራል። በዚህ ብቻ ቅስቱ በ10 በመቶ ገደማ ይጎብጣል። ቀሚሱ ደግሞ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ የጫፉ ስፋት ሌላ 10 በመቶ ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ አዲሱ ቅስት ከድሮው በአንድ አምስተኛ ይበልጣል። እንዲህ ለካው፦ የቀሚሱን ግራና ቀኝ ጥግ የሚያገናኝ ቀጥ ያለ መስመር አስምር፤ ከመስመሩ እስከ ጫፉ መሃል ያለውን ርቀት ቁጠር። 100 ፒክስል ከሆነ አዲሱን 120 አድርገው። 20 ፒክስል ትንሽ ይመስልሃል፤ ካርቶኑን ከቀሚስ የሚለየው ግን እሱ ነው።

ካሜራው የቱ ጋ እንደነበር ረስተህ ከሆነ የሜዳውን አድማስ ወይም የንጣፉን መስመሮች ተከተል። ንጣፉ ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱት መስመሮች ወደ ኋላ ሲረዝሙ የሚገናኙበት ከፍታ የካሜራህ ከፍታ ነው። ሙሽራዋን ደረቷ ላይ ካቋረጣት ካሜራው በደረቷ ልክ ነበር ማለት ነው። መንበርከክ ልማድህ ከሆነ ደግሞ ቅስቱ በጣም የተዘረጋ ይሆናል፤ በግድ አታጉብጠው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላርም። ብዙ ልጆች ቀሚሱ ክብ መሆኑን ሲሰሙ የኋላውን ጫፍ ውስጠኛ ክፍል ከጫማዎቹ መሃል በጥቁር መቀባት ይጀምራሉ። ካሜራው ከጫፉ በላይ ከሆነ የኋላው ጫፍ በፊተኛው ጨርቅ ተሸፍኗል፣ አይታይም። የቀሚስ ውስጡ የሚታየው ነፋስ ሲያነሳው ወይም በእጇ ሰብሰብ ስታደርገው ነው። ቆማ ለተነሳች ሙሽራ ከጫፉ በታች ያለው መሬትና የጫማ አፍንጫ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። Liquify ትንሽ ነገር ገፋ ለማድረግ የተሠራ ነው፤ 5 ወይም 10 ፒክስል። 170 ፒክስል ስትስብበት የጥለቱን ክር እንደ ማስቲካ ይጎትተዋል። ጥለት ደግሞ ውሸትን የማይሸከም ነገር ነው። ነጩን ሸማ ብታዛባው ማንም አያይም። የጥለቱ መስቀል አንዱ ክንፍ ከሌላው ሲረዝም ግን ሁሉም ያያል። ስለዚህ የሚዘረጋው ነጩ ነው፣ ጥለቱ ሳይነካ ይወርዳል።

ነጩንም ቢሆን አትዘርጋው፣ ደርበው። የሸማ እጥፎች ከወገብ ወደ ታች የሚወርዱ ናቸው። ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተቱ ብዙም አይጣሉም። በ Pen ቀሚሱን ከጉልበት ጀምሮ እስከ ጫፉ፣ ጥለቱንም ጨምረህ፣ ዙሪያውን በጥንቃቄ ምረጥ። ወደ አዲስ ሌየር ቅዳውና Smart Object አድርገው፤ ቅርጹን አሥር ጊዜ ብትቀያይረው እንዳይደበዝዝ። ከዚያ 170 ፒክስል አውርደው። የቅጂው ነጭ ክፍል የድሮውን ጥለት ይሸፍነዋል። የቅጂውን የላይኛውን ጠርዝ በማስክና በለስላሳ ብሩሽ አጥፋው፤ ግን በአንድ አግድም መስመር አታጥፋው። መገጣጠሚያው አንዱ እጥፍ ላይ ከፍ፣ ሌላው ላይ ዝቅ ይበል። በተለይ እጥፉ ጎድጉዶ ጨለም ያለበት ቦታ ላይ ደብቀው። ልብስ ሰፊም ቅያሪ ጨርቅ ሲቀጥል እጥፍ ውስጥ ነው የሚደብቀው።

ቅጂው ሲወርድ ግራና ቀኙ ከላይኛው ቀሚስ ጋር አይገጥምም፤ ጠበብ ይላል። የቀሚሱን የጎን መስመሮች ከዳሌዋ ጀምረህ ወደ ታች አስረዝማቸው። መስመሮቹ አዲሱ ጫፍ ጋ ሲደርሱ የሚሰጡህ ስፋት ትክክለኛው ስፋት ነው። ለምሳሌ የድሮው ጫፍ 820 ፒክስል ከነበረ ወደ 900 ሊመጣ ይችላል። Ctrl+T ብለህ ወደ ጎን ብቻ ዘርጋው። 10 በመቶ ጥለቱ ይችላል። ከ15 በመቶ ካለፈ ግን መስቀሉ ይወፍራል። ያኔ መዘርጋቱን ተውና እጥፍ ጨምር፦ ከጥለቱ ላይ አንድ እጥፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ቅዳ፣ በጎኑ አስገባው፣ መገጣጠሚያውን ጥላው ውስጥ ቅበረው።

ቅስቱን የምታጎብጠው ከዚህ በኋላ ነው፣ በ Warp። የመሃሉን ታች ሳብ፣ ጥጎቹን ባሉበት ተው። ጥለቱ ከጫፉ ጋር አብሮ መጉበጥ አለበት። የጥለቱ የላይኛው መስመር ቀጥ ብሎ ጫፉ ብቻ ከጎበጠ ጥለቱ መሃል ላይ ይወፍራል፤ ይህም በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

እስካሁን የሠራነው ንጹሕ ቅስት ነው። እውነተኛ ጫፍ ግን ንጹሕ አይደለም፣ ይወዛወዛል። ወደ ካሜራው የወጣው እጥፍ ፎቶው ላይ ዝቅ ይላል፤ ወደ ውስጥ የገባው ከፍ ይላል። መልካሙ ነገር፣ ቅጂው ከእውነተኛው ጫፍ ስለተወሰደ ይህን ውዝዋዜ ይዞት መጥቷል። አንተ እንዳታጠፋው ብቻ ተጠንቀቅ። ጠርዙን «ላስተካክል» ብለህ በማስክ አትላጨው። ደግሞም የእጥፉን ብዛት ከጨርቁ ጋር አስታውስ። ሰፊ ጥለት ያለው ሸማ ጫፉ ላይ ከበድና ደረቅ ይላል፤ ስለዚህ እጥፎቹ ጥቂትና ሰፋፊ ናቸው። ከኢንተርኔት የሺፎን ቀሚስ ጫፍ አምጥተህ ብታጣብቅበት ጥቃቅን እጥፎቹ ወዲያው ያጋልጡሃል።

አሁን እግሯ። ጫማዎቹ የተለጠፉ የመሰሉህ ቆርጠህ ከቀሚሱ በላይ ሌየር ላይ ስላስቀመጥካቸው ይመስለኛል። አውጣቸው። ጫማው ባለበት መሬት ላይ ይቆይ፣ ቀሚሱ በላዩ ላይ ይረፍ። የሚሸፈነውን ይሸፍን፤ የተረፈው አፍንጫ ይታይ። ታኮ ጫማ አድርጋ ከሆነ የእግሯ ጀርባ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ሽቅብ የሚወጣ ዳገት ነው። ከመሬት 4 ሳንቲም ሜትር ላይ ያለ ጫፍ ያ ዳገት ላይ ያርፋል። ተረከዙና የጫማው ማሰሪያ አይታይም። ሊታይ የሚገባው ጣቶቿ ያሉበት ክፍል ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ሁለት እግሮች እኩል እንዳይሆኑ ተጠንቀቅ። ሙሽራ ስትቆም አንዱን እግር ታስቀድማለች፤ አንተም እንደዚያ ትላታለህ። የቀደመው እግር ጉልበት ጨርቁን ይገፋዋል፤ ከጉልበቱ ጀምሮ አንድ ሰፊ ቦታ ያለ እጥፍ ወደ ታች ይወርዳል። ጫፉ የእግሯ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይቆማል፣ እዚያች ቦታ ላይ ከፍ ይላል፣ በላዩም አንዲት አጭር አግድም መጨማደድ ይሠራል። ከእግሩ ግራና ቀኝ ጨርቁ የሚያርፍበት ስለሌለው ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ወደ ኋላ የቀረው እግር ጫማ ደግሞ ትንሽ ብቻ ይታያል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም። ሁለቱም አፍንጫ እኩል ብቅ ካሉ ሱቅ መስኮት ላይ የቆመ አሻንጉሊት ነው የሚመስለው።

ይህን ከፍና ዝቅ ለመሥራት Puppet Warp ተጠቀም። በጥለቱ የላይኛው መስመር ላይ አምስት ስድስት ፒን ትከል፤ እነሱ አይንቀሳቀሱም። ከዚያ ጫፉ ላይ ሦስት ፒን ብቻ፦ አንዱ በቀደመው ጫማ ላይ፣ ሁለቱ በግራና ቀኙ። የመሃሉን 10 ፒክስል ያህል አንሳው፣ የጎኖቹን 5 ፒክስል አውርዳቸው። ከዚህ በላይ አትሂድ። ጥለቱ እጥፉ ውስጥ ሲገባ ጠበብ ብሎ መታየቱ ትክክል ነው፤ ለማስፋት አትሞክር።

አሁን ጥላ። ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ጨርቁ ጫማው ላይ የሚጥለው ነው። ከጫፉ ሥር ልክ ሲነካ ጠቆር ብሎ ወደ ጫማው አፍንጫ በፍጥነት ይጠፋል። በ Multiply ሌየር ሥራው፣ ቀለሙን ከጫማው ከራሱ ጨለማ ክፍል ውሰድ፤ ጥቁር አትጠቀም። ሁለተኛው ከጫፉ ሥር መሬቱ ላይ ያለው ነው። ጨርቁ መሬቱን በቀረበበት ቦታ ጠባብና ጨለማ፣ ከፍ ባለበት ሰፊና ደብዛዛ ነው። ዙሪያውን እኩል ውፍረት ያለው ጥቁር መስመር ከሠራህ ቀሚሱ ከመሬት ተነቅሎ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ሦስተኛውን ነው ሁሉም የሚረሳው። እሱም ድሮ እግሯ የጣለው ጥላ ነው። ፎቶው ሲነሳ ባቷ ራቁቱን ነበር፤ ፀሐይ ጋደል ካለች መሬቱ ላይ የሁለት ቀጫጭን እግሮች ጥላ አለ። ቀሚሱን አስረዝመህ ያንን ጥላ ከተውከው ቀሚሱ ረጅም፣ ጥላው አጭር ይሆናል። ይኼ እኔም ላይ ደርሶብኛል። ትልቅ አድርገን አትመን ያስረከብነውን ፎቶ የሙሽራዋ እናት ሳሎን ውስጥ ቆመው አይተውት «ጥላዋ ሚኒ ስከርት ለብሷል» አሉኝ። ሳቅን፤ ግን በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምኩ። በሁለቱ እግሮች ጥላ መካከል ያለውን ብርሃን ሙላው፣ ጥላውን ወደ ጫማዎቹ እስከሚደርስ አስፋው። ቀለሙን ከዚያው ከቀሚሱ ጥላ ውሰድ። ሰማዩ ደመና ከነበረ ይህ ሁሉ አያስፈልግህም፤ ጥላው ራሱ ከሥሯ የተበተነ ነውና።

ነጭ ቀሚስ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ ጨርቅ ከመሬቱ ቀለም ይበደራል። ሣር ላይ ከቆመች የጫፉ የመጨረሻ 10 ሳንቲም ሜትር በጣም ቀለል ያለ አረንጓዴ ይነካዋል፤ ቀይ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ሮዝ ነገር ይነካዋል። የአንተ ቅጂ ከ18 ሳንቲም ሜትር ላይ የመጣ ስለሆነ ይህ ቀለም ይጎድለዋል። አዲስ ሌየር በ Color፣ ከሣሩ የተወሰደ ቀለም፣ ኃይሉ ከ10 በመቶ ያልበለጠ፤ በተለይ ወደ ውስጥ የገቡት እጥፎች ላይ። ዓይንህ አረንጓዴ ካየ በዝቷል ማለት ነው። ሣሩ ረዘም ያለ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ሙሉ በሙሉ መታየት የለበትም። የሣሩን አንዳንድ ቅጠል በማስክ ከቀሚሱ ፊት መልሰህ አውጣ። ይኼ እንዲያውም ዕድል ነው፤ ያልተሳካልህን ጠርዝ ይሸፍንልሃል።

ሲያልቅ ፎቶውን ወደ ጎን ገልብጠውና ስልክ ላይ በትንሹ እየው። የለመደው ዓይንህ ያለፈውን ስህተት የተገለበጠው ምስል ያሳይሃል። መጀመሪያ ዓይንህ ጫፉ ላይ ከሄደ አልጨረስክም። ፊቷ ላይ ከሄደ ጨርሰሃል።

ይህ መንገድ የሚሠራበት ልክ አለው። ከፊት ለፊት ከአንገት እስከ ጫፍ የሚወርድ ጥለት ካለው ቅጂው ሲንሸራተት የጥለቱ ተደጋጋሚ ቅርጽ ይዛነፋል። ያኔ የምታወርደውን መጠን በቅርጹ ልክ አድርገው፤ አንድ መስቀል 60 ፒክስል ከሆነ በ120 ወይም በ180 አውርድ፣ በ170 አይደለም። ቀሚሱን በእጇ ሰብስባ ከያዘች ወይም እየተራመደች ከሆነ እጥፎቹ ከእጇና ከጉልበቷ ስለሚነሱ ማንሸራተት አይገጥምም። ሥሥ የሆነ፣ እግሯ ወደ ውጭ የሚታይበት ጨርቅ ከሆነም አትሞክረው፤ ባቷንም አብረህ መሳል ሊኖርብህ ነው።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። የጎደለው ከስንዝር በታች ከሆነ በዚህ መንገድ ሥራው፤ ከለመድከው ሁለት ሰዓት አይፈጅብህም። ከስንዝር ካለፈ ኤዲቱን ተወው። ቀሚሷን ይዛ ትምጣ፣ በዚያው ካሜራ ከፍታና ርቀት፣ በዚያው ሰዓት ብርሃን፣ በቁመት የምታጥር እህቷ ወይም ጓደኛዋ ለብሳው ያንኑ ጫማ አድርጋ ትቁምልህ፤ በአጭሯ ላይ ቀሚሱ ጫማው ላይ ራሱ ያርፋል። ከዚያ ከጉልበት በታች ያለውን ብቻ ወስደህ ትገጥመዋለህ። የጥለቱ አወዳደቅም፣ የጫማው ጥላም፣ የሣሩ ቀለምም አብሮ ይመጣልሃል። ሙሽራዋ «ፎቶ ላይ ብቻ አስተካክለው» ካለችህ ግን ከአልበሙ ሁሉ የትኛው አንድ ወይም ሁለት ፎቶ ትልቅ እንደሚታተም ጠይቃት፣ እነሱን ብቻ ሥራ። አርባ ፎቶ ላይ ጫፍ ካስረዘምክ በአንዱ ላይ ጥላውን መርሳትህ አይቀርም።